ግማሽ የተቀዳ መርፌ

በሆስፒታል ክፍል ውስጥ መድኃኒት የምታዘጋጅ ነርስ ያለ ጥሪ ሥራዋን የምትጨርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዱ አስታማሚ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል» ይላታል፣ ወዲያው ስልኩ ይጮኻል፣ ሐኪሙም ከወዲያ ማዶ ይጠራታል። በሲድኒ ሁለት ሆስፒታሎች 98 ነርሶችን በመከታተል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት መድኃኒት ከሚሰጥባቸው ጊዜያት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መቋረጥ እንደገጠማቸው አሳይቷል። መቋረጡ በበዛ ቁጥር ስሕተቱም አብሮ በዝቷል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 750 ሚሊ ግራም ሴፍትሪአክሶን ታዞለታል። ነርሷ 1 ግራም ዱቄት ያለበትን ብልቃጥ በ9.6 ሚሊ ሊትር ውሃ ትበጠብጣለች፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ ለሕፃኑ የሚቀዳው 7.5 ነው። በጥብጣ እንደጨረሰች፣ ገና ሳትቀዳ፣ ተጠራች።

መጀመሪያ የምትጠይቀው «አሁኑኑ ነው ወይስ ሁለት ደቂቃ ይቆያል?» ብላ ነው። ግሉኮሱ እስክትመጣ ለጥቂት ጊዜ ሊዘጋ ይችላል፤ መተንፈስ ያቃተው ሕመምተኛ ግን አይቆይም። መሄድ ካለባት እጇ ላይ ያለውን ሥራ ትታ ከመነሳቷ በፊት ቁራጭ ፕላስተር ብልቃጡ ላይ ትለጥፍና የመድኃኒቱን ስም፣ «100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር»፣ ሰዓቱንና ፊርማዋን ትጽፍበታለች። ይህ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፤ እስካሁን የሠራችውን የሚያቆይላት ግን እሱ ነው። የመስጫ ቅጹ ላይ አስቀድማ አትፈርምም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ስመለስ እሰጠዋለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ሲመለስ ፊርማውን አይቶ የተሰጠ ይመስለዋል፣ ሕፃኑም መድኃኒቱን ሳያገኝ ይቀራል።

ስትመለስ ካቆመችበት አትቀጥልም። ካርዱን ከፍታ ስሙን፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና ሰዓቱን እንደገና ታመሳክርና ከዚያ በኋላ ትቀዳለች። ድንገተኛው ነገር ፕላስተር ለመለጠፍ እንኳን ፋታ ካልሰጣት፣ ተቀድቶ ያልተጻፈበት ሲሪንጅ ይጣላል። መድኃኒቱ ውድ ቢሆንም ይጣላል፤ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሁሉ አንድ ስለሚመስል ምን እንደሆነ በማስታወስ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

በአቅራቢያ ሌላ ነርስ ካለች መጋራት የሚገባው ጥሪው ነው። ባልደረባዋ ስልኩን ታነሳለች ወይም ወደ አስታማሚው ትሄዳለች፤ የተቀዳውን ሲሪንጅ ግን አትቀበላትም፣ ራሷ ያላዘጋጀችውን መድኃኒት አትሰጥምና።