«ሞልቷል» የሚለው መልእክት ምን ቆጥሮ ነው?

ጸረ-ቫይረስም ሆነ ቪፒኤን ሲገዛ ከዋጋው አጠገብ «ለ5 መሣሪያ»፣ «ለ10 መሣሪያ» የሚል ቁጥር ይጻፋል። ብዙ ሰው ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያቸዋል። አቆጣጠራቸው ግን ይለያያል። ጸረ-ቫይረሱ የሚቆጥረው በአካውንቱ ላይ የተመዘገበውን ሁሉ ነው፤ መሣሪያው ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም ቦታው እንደተያዘ ይቆያል። ቪፒኤን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በዚያች ደቂቃ የተገናኙትን ብቻ ነው። አሥር ስልክ ላይ ቢጫንም፣ የበራው በሁለቱ ላይ ከሆነ የተያዘው ቦታ ሁለት ነው።

ለ5 መሣሪያ የሚሆን ጸረ-ቫይረስ የገዛ አንድ ቤተሰብ እናስብ። በሁለት ላፕቶፕና በሁለት ስልክ ላይ ጫኑት፤ አንድ ቦታ ተረፋቸው። ከወራት በኋላ አንደኛው ላፕቶፕ ተበላሽቶ ጥገና ቤት ገባና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነበት። ጸረ-ቫይረሱን መልሰው ሲጭኑት ድርጅቱ የቀድሞውን ላፕቶፕ ላያውቀው ይችላል፤ አዲስ መሣሪያ ብሎ አምስተኛውን ቦታ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ልጅቷ ስልክ ተገዝቶላት ልትጭን ስትሞክር «ሞልቷል» ይላታል። በቤቱ ውስጥ የሚሠሩት ግን አራት ብቻ ናቸው።

መፍትሔው አዲስ ጥቅል መግዛት አይደለም። በድርጅቱ ድረ ገጽ ወደ አካውንቱ ገብቶ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ማየት ነው። የላፕቶፑ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ፣ ለረጅም ጊዜ ያልታየው አሮጌው ነው፤ እሱን ከዝርዝሩ ማጥፋት ቦታውን ይለቃል። ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ላይ ማጥፋት ብቻውን ሁልጊዜ ቦታ አይለቅም። ስለዚህ ስልክ ከመሸጥ በፊት ከዚህ ዝርዝር ማስወጣት ይገባል።

የቪፒኤኑ ጉዳይ ትንሽ ረቀቅ ይላል። የፕሮቶን ቪፒኤን ነፃ አገልግሎት የሚፈቅደው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ቪፒኤኑ በርቶ ከቆየ፣ ባለቤቱ ባይነካውም ቦታውን ይዟል፤ ላፕቶፑም ተራ አያገኝም። ይህ ግልጽ ነው። የሚያደናግረው ግን ሁሉም ተዘግቶ «ሞልቷል» ሲል ነው።

ምክንያቱ ሰርቨሩ የመሣሪያውን መጥፋት በዓይኑ ስለማያይ ነው። ተጠቃሚው ራሱ ሲያቋርጥ መተግበሪያው ለሰርቨሩ መሄዱን ይነግረዋል። መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ድንገት ሲሞት ግን የሚነግር የለም። ሰርቨሩ ዝምታውን ቆጥሮ ነው የሚረዳው። በኦፕንቪፒኤን የናሙና ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ይህ መስመር አለ፦

```
keepalive 10 120
```

በየ10 ሰከንዱ «አለህ?» የሚል ምልክት ይላካል፤ ለ120 ሰከንድ መልስ ከጠፋ ግንኙነቱ እንደሞተ ይቆጠራል። በሰርቨሩ በኩል ግን ሁለተኛው ቁጥር በእጥፍ ስለሚሰላ ጥበቃው 240 ሰከንድ፣ ማለትም አራት ደቂቃ ይሆናል። መብራት የጠፋበት ሰው ወዲያው ላፕቶፑን በስልኩ ዳታ ቢያገናኝ፣ የሞተው ግንኙነትና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ አብረው ሊቆጠሩ ይችላሉ። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ጊዜ ስለሚወስን ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሞከር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ትዕግሥት የማይፈታውም አለ። ሙልቫድ የተባለው የስዊድን ቪፒኤን የሚፈቅደው 5 መሣሪያ ሲሆን፣ አቆጣጠሩ እንደ ጸረ-ቫይረሱ በምዝገባ ነው። መሣሪያው ሲገባ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ቁልፉ ከዝርዝሩ እስኪወጣ ድረስ ቦታው የእሱ ነው። ስድስተኛው እንዲገባ ከአምስቱ አንዱ መውጣት አለበት። እዚህ ቤት አንድ ቀን ሙሉ ቢጠበቅም ለውጥ የለም።

መሣሪያ የበዛበት ቤት ቪፒኤኑን ራውተሩ ላይ መጫን ይችላል፤ ራውተሩ ከፈቀደ ማለት ነው። ያኔ ከዋይፋዩ ጋር የተያያዘው ሁሉ እንደ አንድ ግንኙነት ይቆጠራል፤ ቴሌቪዥኑም ጭምር። ነገር ግን ስልኩ ከቤት ሲወጣ ከዚያ ጥላ ይወጣል፤ ውጭ ላይ በራሱ መተግበሪያ ሲገናኝ ሌላ አንድ ቦታ ይይዛል። ርካሽ ራውተርም ምስጠራው ስለሚከብደው ኢንተርኔቱ ሊንቀራፈፍ ይችላል።

በተገናኙት የሚቆጥር ቪፒኤን ሁሉም መሣሪያ ላይ ተቋርጦ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ተጠብቆም «ሞልቷል» ካለ፣ የይለፍ ቃሉ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። የይለፍ ቃሉን መለወጥና በአካውንቱ ገጽ ላይ ሁሉንም መሣሪያ የሚያስወጣ አማራጭ ካለ እሱን መጫን፣ ከዚያም የራስን መሣሪያዎች አንድ በአንድ መልሶ ማስገባት ነው።