የነዋሪዎችን የቴሌግራም ግሩፕ መግራት

በአንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በአዘቦት ቀን የሚያልፈው መልእክት በአብዛኛው ሰላምታ ነው። ማለዳ በአበባ ያጌጡ የ«እንዴት አደራችሁ» ሥዕሎች ይመጣሉ፤ ወርሃዊ በዓል ከሆነ የ«እንኳን አደረሳችሁ» እና የ«አሜን» ሰልፍ ይከተላል። ከዚያ ከሌላ ቦታ የተላለፈ ዜና፣ የሚሸጥ ፍሪጅ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ የተነሳ ክርክር ይቀጥላል። ሳይታይ ቢያልፍ ነዋሪውን የሚጎዳው መልእክት ግን በሳምንት ከጥቂት አይበልጥም፤ እሱም የውሃ ፈረቃ ለውጥ፣ የመብራት ጥገና ሰዓት፣ የስብሰባ ጥሪና የቀብር መርዶ ነው።

ችግሩ በግልጽ የሚታየው በሐዘን ጊዜ ነው። የዕድር አባል ሲያርፍ ጸሐፊው የቀብሩን ቦታና ሰዓት አንድ ጊዜ ይጽፋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ነፍስ ይማር» የሚሉ በርካታ መልእክቶች ይደረደራሉ። ቀብሩ ከ9 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ተዛውሮ ከሆነ ማረሚያው የሚገኘው በእነዚያ መካከል ነው። ከቀብር የቀረ አባል የሚቀጣባቸው ዕድሮች ብዙ ስለሆኑ ማረሚያውን ያላየ ሰው ከኀፍረቱ ሌላ ገንዘብም ይከፍላል። «ነፍስ ይማር» ማለት ደግሞ ተገቢ ነገር ነው፤ ማንም እንዲቀር ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው ሌሎችን ዝም በማሰኘት ሳይሆን መልእክቱን የሚቀበለውን ስልክ በማስተካከል ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ድምፁን መዝጋት ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ግሩፑ ተከፍቶ፣ ከላይ በስተቀኝ ያሉት ሦስት ነጥቦች ተነክተው Mute ሲመረጥ የተለያዩ አማራጮች ይመጣሉ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው Mute Forever ወደሚለው ነው። ይህ ሲመረጥ ግሩፑ ድምፅም ሆነ ማሳወቂያ አያመጣም። Disable sound የሚለው ግን ከዚህ ይለያል፤ ስልኩ አይጮኽም፣ ማሳወቂያው ግን በጸጥታ ከስክሪኑ አናት ላይ መውረዱን ይቀጥላል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ድምፁ የተዘጋ ግሩፕም ቢሆን ሁለት በሮች ክፍት ይተዋል። አንደኛው በስም መጠራት ነው። አንድ ሰው የ@ ምልክት አስቀድሞ የአባሉን ስም ከጻፈ፣ ወይም እሱ ለጻፈው መልእክት በቀጥታ መልስ ከሰጠ፣ ማሳወቂያው ይደርሰዋል። ሁለተኛው ፒን ማድረግ ነው። የግሩፑ አስተዳዳሪ አንድን መልእክት ከላይ ሲሰካ ለአባላት ሁሉ ማሳወቂያ እንዲላክ መምረጥ ይችላል፤ ያ ማሳወቂያ ድምፁን ለዘጋውም ሰው ይደርሳል። ጸሐፊው ይህን የሚያውቅና ለከባድ ጉዳይ ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ግማሹ አያስፈልግም። አብዛኛው ግሩፕ ግን እንዲህ ያለ ጸሐፊ የለውም።

ስለዚህ በቃል የሚነቃ ማንቂያ ይፈለጋል። ቴሌግራም ራሱ «ይህ ቃል ሲጻፍ ብቻ ቀስቅሰኝ» የሚባልበት ቅንብር የለውም። በአንድሮይድ ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩት ማሳወቂያዎችን እያነበቡ የሚያጣሩ ሌሎች አፖች ናቸው፤ ባዝኪል የሚባለው በክፍያ የሚገኝ አፕ አንዱ ነው። ተጠቃሚው «ከቴሌግራም የመጣ ማሳወቂያ ይህን ቃል ከያዘ በዚህ ድምፅ ጩኽ» የሚል ደንብ ያወጣለታል። አፑ የሚያነበው ማሳወቂያውን እንጂ ግሩፑን እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል። Mute Forever የተደረገ ግሩፕ ማሳወቂያ ስለማያወጣ ማጣሪያው የሚያነበው ነገር ያጣል፤ ደንቡ በትክክል ተጽፎም አይጮኽም። ማንቂያው አልሠራም የሚል ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ይህንን ነው። ቀጥሎ የሚታየው የስልኩ የባትሪ ቁጠባ ነው፤ ብዙ ስልኮች ከጀርባ የሚሠራን አፕ ያስተኛሉና ማጣሪያው ከቁጠባው ውጭ እንዲሆን መፈቀድ አለበት።

በዚህ ላይ ቸል የማይባል ጥንቃቄ አለ። ማሳወቂያ እንዲያነብ የተፈቀደለት አፕ የሚያየው የሰፈሩን ወሬ ብቻ አይደለም፤ ከባንክ ወይም ከቴሌብር የሚላከው የይለፍ ቁጥርም በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ ማየት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አፕ ከኦፊሴላዊው መደብር ብቻ ይወሰዳል፤ በፋይል ከሰው ስልክ የተላከ ፈጽሞ አይጫንም። አይፎን ላይ አንድ አፕ የሌላውን ማሳወቂያ እንዲያነብ ስለማይፈቀድ ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ የአይፎን ተጠቃሚ የሚተማመነው በ@፣ በፒንና ቀጥሎ በሚመጣው የዕለት ፍተሻ ነው።

በአማርኛ ቃል መምረጥ የራሱ ጣጣ አለው። ለማሽኑ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የማይገናኙ ፊደላት ናቸው። ሰዎች ደግሞ በስልክ ሲጽፉ ውሃ፣ ውኃ፣ ውሀ፣ ዉሃ ይላሉ፤ በላቲን ፊደል wuha የሚጽፉም አይጠፉም። አንዱን ብቻ የያዘ ደንብ ሌሎቹን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ በአንድ ይገባሉ። ከቃል ፊት የሚመጡት «የ»፣ «ለ» እና «በ» ችግር አይፈጥሩም፤ «የውሃ» ውስጥ «ውሃ» እንዳለ ይገኛል። ችግሩ ከመጨረሻው ፊደል ላይ ነው። «መብራት» ወደ «መብራቱ» ወይም ወደ «መብራታችን» ሲለወጥ «ት» ተለውጦ «ቱ» ወይም «ታ» ስለሚሆን ማጣሪያው ቃሉን አያውቀውም። «መብራ» ብሎ ማሳጠር ሁሉንም ይይዛል። ይህ ዘዴ ግን ለሁሉም ቃል አይሠራም። «ቀብር» እና «ቀብሩ» ሁለቱም እንዲያዙ ተብሎ «ቀብ» ቢጻፍ «ተቀብያለሁ» ያለ ሰው ሁሉ ማንቂያውን ያስጮኸዋል። ለቀብር የሚሻለው «ቀብር»፣ «ቀብሩ» እና «ቀብራቸው» ለየብቻቸው መግባታቸው ነው። «ነፍስ» የሚለውን መምረጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ለአንድ መርዶ የሚመጣው የማጽናኛ ቃል ሁሉ ስልኩን እየደጋገመ ያስጮኸዋል።

ለአብነት 240 አባላት ባሉት ሕንጻ የምትኖር፣ በሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ትወሰድ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቤቷ ገብታ እስከ 8 ሰዓት ትተኛለች። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በእንቅልፏ ሰዓት መጥቶ ከሄደ ጀሪካኖቿ ባዶ ያድራሉ። ግሩፑን Disable sound ላይ አድርጋ «ውሃ»ን በአራቱም አጻጻፍ፣ «መብራ»ን እና ሦስቱን የቀብር ቃላት ታስገባለች። ደንቡ በሌላ ግሩፕ ወሬ እንዳይነቃም በዚያ ግሩፕ ስም ላይ ትወስነዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኳ 11 ጊዜ ይጮኻል። ሦስቱ እውነተኛ ናቸው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ የውሃ ማጣሪያና የውሃ ታንከር ማስታወቂያ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጊዜ ማድረግ ያለባት ማንቂያውን ማጥፋት ሳይሆን ጎረቤቶቿ ውሃ በመጣ ቀን በእርግጥ ምን ብለው እንደጻፉ ወደኋላ ሄዳ ማንበብ ነው። «ውሃ መጣ»፣ «ውሃ መጥ» እና «ውሃው መጥ» ብላ፣ በየአጻጻፉ ስትለውጠው ሻጩ ከማንቂያው ይወጣል፤ «ውሃ መጥቷል» ያለው ጎረቤት ይቀራል። «ቧንቧው ጀመረ» ብሎ የጻፈው ግን አሁንም ያመልጣታል። ማንቂያ ከጮኸባቸው ጊዜያት ከግማሽ በላይ ሐሰት ከሆነ ሰው ድምፁን መናቅ ይጀምራል፤ አንድን ቃል ለማስቀረት ወይም ለማጥበብ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ከማጣሪያ ሁሉ የሚያመልጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነሱም የድምፅ መልእክትና ፎቶ ናቸው። በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ያለ አንዳች ጽሑፍ ሲለጠፍ ማንቂያው «ፎቶ» ከማለት በቀር የሚያነበው የለም። ሕጋዊ የሆኑት የስብሰባ ጥሪዎችና የክፍያ ማስታወቂያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጡት በዚህ መልክ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ግሩፑን በዓይን ማየት ግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይህ ፍተሻ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ የሚበቃው፣ ሰዓቱ የተወሰነ ሊሆን ይገባል። ለነርሷ ከእንቅልፏ ስትነሣ 8 ሰዓት፣ ለቢሮ ሠራተኛ ማታ 2 ሰዓት ይስማማል። ማለዳ አይመከርም፤ ሰላምታው የሚበዛው ያኔ ነው። ግሩፑ ሲከፈት መጀመሪያ ከላይ የተሰካው መልእክት ይነበባል። ከታች በስተቀኝ የ@ ምልክት ካለ ይነካል፤ ቀጥታ አባሉ ወደተጠራበት ቦታ ይወስዳል። ከዚያ ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራ ይመጣል። ፍለጋው ተከፍቶ መልእክቶቹ በላኪ ሲጣሩ የጸሐፊው ወይም የሰብሳቢው ስም ይመረጣል፤ የፍለጋ ቃል ሳይጻፍበት የዚያ ሰው መልእክቶች ብቻ ይደረደራሉ። የደብዳቤው ፎቶና የድምፅ መልእክቱ የሚገኙት እዚህ ነው። ሦስት የኮሚቴ አባላትን እንዲህ ማየት ሁለት መቶ መልእክት ከማንበብ እጅግ ያጥራል፤ የሚጥለውም ነገር ትንሽ ነው። በመጨረሻ ወደታች የሚያመለክተው ቀስት ተነክቶ የቀረው እንደተነበበ ይታለፋል። የቀረውን አንድ በአንድ ለማንበብ የሚሞክር ሰው ልማዱን ከሳምንት በላይ አያቆየውም።

የአንድ ሰው ስልክ የቱንም ያህል ቢስተካከል እሳት፣ የጋዝ ፍሳሽና ሌባ የግሩፕ ጉዳዮች አይደሉም፤ ለእነዚህ ስልክ ይደወላል፣ የጎረቤት በር ይንኳኳል። ለቀረው ግን ጸሐፊዎች አንድ ነገር ቢያደርጉ የብዙ ሰው ድካም ይቀላል። የደብዳቤውን ፎቶ ሲለጥፉ ከሥሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በጽሑፍ ይጨምሩ፤ እንደ #ውሃ ወይም #ቀብር ያለ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጻፍ ምልክት ያድርጉበት፤ ሰዓቱ ሲለወጥም የፊተኛውን ፒን አንሥተው አዲሱን ይስኩ።