61 ጊዜ አሸንፎ መክሰር

ኤፍኤክስሲኤም የተባለው የውጭ ምንዛሬ አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ደንበኞቹ በራሳቸው ገንዘብ ያካሄዷቸውን 43 ሚሊዮን ያህል ግብይቶች መርምሮ ነበር። ሊያውቅ የፈለገው አብዛኛው ሰው ለምን እንደሚከስር ነው። ብዙዎቻችን የምንገምተው መልስ የዋጋውን አቅጣጫ መለየት ስለሚያቅታቸው ነው የሚል ይሆናል። መዝገቡ ያሳየው ግን ሌላ ነው። ብዙ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት የዩሮና የዶላር ገበያ ከተዘጉት ግብይቶች 61 በመቶው የተዘጉት በትርፍ ነው። ሰዎቹ ከተሳሳቱበት ያወቁበት ይበልጣል፤ ሆኖም ሁሉም ሲደመር ውጤቱ ኪሳራ ሆነ።

ምክንያቱ ከዚያው መዝገብ ላይ በሁለት ቁጥሮች ይታያል። ያሸነፈ ግብይት በአማካይ ያስገኘው 48 ፒፕ ነው። የተሸነፈ ግብይት በአማካይ የወሰደው ደግሞ 83 ፒፕ። ፒፕ ማለት በዩሮና በዶላር ምንዛሬ ከነጥብ በኋላ ያለው አራተኛው አሃዝ ነው፤ ዩሮው ከ1.1000 ዶላር ወደ 1.1001 ቢወጣ አንድ ፒፕ ጨመረ ይባላል። እንግዲህ 100 ግብይት እናስብ። 61ዱ በ48 ሲባዛ 2,928 ፒፕ ትርፍ ይሆናል። ቀሪው 39 በ83 ሲባዛ 3,237 ፒፕ ኪሳራ ነው። 309 ፒፕ ጎደለ፤ በእያንዳንዱ ግብይት ሦስት ፒፕ ያህል መሆኑ ነው። ሦስት ፒፕ በአንድ ጊዜ የሚታይ ጉዳት አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ እያሸነፈ ሂሳቡ ቀስ በቀስ ሲመናመን የማይነቃውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ስንት ጊዜ ማሸነፍ ነበረባቸው? ስሌቱ ቀላል ነው። አማካይ ኪሳራውን በአማካይ ኪሳራና በአማካይ ትርፍ ድምር ማካፈል ብቻ ነው፦ 83 ÷ (83 + 48)። ውጤቱ 63.4 በመቶ ይሆናል። ሳይከስሩም ሳያተርፉም ለመውጣት ከ100 ግብይት 63 ወይም 64 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋቸው ነበር። 61 በመቶ ብቻውን ሲታይ የሚያኮራ ይመስላል፤ ከ63.4 ጎን ሲቀመጥ ግን ያልሞላ ነው። ስለ ማሸነፍ መጠን፣ ነጋዴዎች ዊን ሬት ስለሚሉት ነገር፣ መነጋገር የሚቻለው ይህ ሁለተኛ ቁጥር ሲታወቅ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግብይቱ ከመከፈቱ በፊት ይህን ቁጥር አስቀድሞ ለማወቅ የሚጠቅመው ሪስክ ሪዋርድ ሬሾ ነው። አንድ ሰው ዩሮውን በ1.1000 ሊገዛ ነው እንበል። ግምቱ ስህተት መሆኑን የሚያምንበት ዋጋ 1.0960 ስለሆነ የኪሳራ ማቆሚያውን፣ ስቶፕ ሎሱን፣ እዚያ ላይ ያደርጋል፤ አደጋው 40 ፒፕ ነው። ትርፉን የሚወስደው በ1.1080 ነው፤ የሚጠብቀው 80 ፒፕ። 80 ለ40 ሲካፈል ሁለት ይሆናል፤ ለአንድ ብር አደጋ ሁለት ብር ይጠብቃል ማለት ነው። እንዲህ ላለ ግብይት የሚያስፈልገው የማሸነፍ መጠን 40 ÷ 120፣ ማለትም 33.3 በመቶ ብቻ ነው። ከሦስት ግብይት ሁለቱን ቢሸነፍም ባለበት ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሬሾው ትልቅ ከሆነ ትርፍ የግድ ይመጣል ብሎ የትርፍ ዒላማውን ያርቃል። ዋጋው ግን ሩቅ ዒላማ ላይ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ዋጋ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል የመሄድ ዕድል ቢኖረውና ነጋዴው ምንም የተለየ ዕውቀት ባይኖረው፣ 80 ፒፕ ላይ ያለውን ዒላማ 40 ፒፕ ላይ ካለው ማቆሚያ በፊት የሚነካው በትክክል ከሦስት አንድ ጊዜ ነው። ዒላማውን ወደ 120 ቢያርቀው ከአራት አንድ ጊዜ ይሆናል። ሬሾውና የማሸነፍ መጠኑ የአንድ ሚዛን ሁለት ሰሃኖች ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ዕውቀት የሚለካው በሬሾው ብቻ ወይም በማሸነፉ ብቻ አይደለም። የተገኘው የማሸነፍ መጠን ያ ሬሾ ከሚጠይቀው በምን ያህል በለጠ ተብሎ ነው።

በዚህ ዓይን የኤፍኤክስሲኤምን 61 በመቶ እንደገና እንየው። 48 እያገኘ 83 የሚያጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢነግድ እንኳ፣ ወጪ ከሌለ፣ 63 በመቶ ያህል ማሸነፍ ነበረበት። ስለዚህ 61 በመቶው የጥሩ ግምት ማስረጃ አይደለም፤ ትርፍን ቶሎ የመቁረጥና ኪሳራን የማስታመም ውጤት ነው። ለጎደሉት ነጥቦች ደግሞ የግብይት ወጪ የራሱ ድርሻ አለው።

ይህ ማለት ከፍተኛ የማሸነፍ መጠን ማንም ሰው፣ ምንም ሳያውቅ፣ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ዒላማውን 5 ፒፕ፣ ማቆሚያውን 20 ፒፕ ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ያለ ወጪ ሲሰላ ከ100 ግብይት 80ው ያሸንፋል። አሁን ወጪውን እንጨምር። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ስፕሬድ የሚባለው፣ 2 ፒፕ ቢሆን የ5ቱ ትርፍ ወደ 3 ይወርዳል፤ የ20ው ኪሳራ ወደ 22 ይወጣል። የሚያስፈልገው የማሸነፍ መጠን 22 ÷ 25፣ ማለትም 88 በመቶ ሆነ። 85 ጊዜ ያሸነፈ ሰው 255 ፒፕ አግኝቶ 330 ያጣል። ያው 2 ፒፕ ከላይ ባየነው የ40 እና የ80 ግብይት ላይ ሲሰላ ግን የሚፈለገውን ከ33.3 ወደ 35 በመቶ ብቻ ነው የሚያሳድገው። ስፕሬድ አጥብቆ የሚጎዳው ትንንሽ ትርፍ የሚለቅመውን ነው።

የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ ኪሳራ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ መቆየቱ ነው። 85 በመቶ የሚያሸንፍ፣ ነገር ግን የሚያከስር ዘዴ ያላቸው አምስት ሰዎች ቢኖሩ ከመካከላቸው አንዱ ያህል የመጀመሪያዎቹን አሥር ግብይቶች በተከታታይ ያሸንፋል። ይህ ሰው ዘዴው እንደሚሠራ ከልቡ ያምናል፤ ተበድሮ ገንዘብ የሚጨምረውም እዚያ ላይ ነው። አሥር ድል 85ን ከ90 አይለይም፤ በዚህ ሬሾ ግን አንዱ ያከስራል፣ ሌላው ያተርፋል።

ሰው ለምን እንዲህ ይነግዳል? ቴራንስ ኦዲን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት ከ1987 እስከ 1993 የነበሩ የ10,000 ባለአክሲዮኖችን ሂሳብ ተመልክቷል። ባለሀብቶቹ ያተረፈውን አክሲዮን ለመሸጥ ይፈጥናሉ፣ የከሰረውን ይዘው ይቆያሉ። የሸጡት አክሲዮን በቀጣዩ ዓመት በአማካይ ይዘውት ከቆዩት የተሻለ ሆነ። ትርፍን መዝጋት ደስታ ነው፣ ኪሳራን መዝጋት ስህተትን ማመን ነው፤ ስለዚህ የማሸነፍ መጠኑ ያምራል፣ ገንዘቡ ይሄዳል።

ኤፍኤክስሲኤምም ደንበኞቹን በሬሾ ለያይቶ ነበር። የሚጠብቁት ትርፍ ቢያንስ ከአደጋቸው እኩል ከሆነው ሂሳቦች 53 በመቶው በዓመቱ አትራፊ ሆኑ፤ ከዚያ በታች ከነበሩት 17 በመቶው ብቻ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም ሬሾውን ስላስተካከሉ ብቻ አተረፉ ማለት አይደለም፤ ማቆሚያውን አክብሮ የሚነግድ ሰው በሌላውም ነገር ጥንቁቅ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ከጥሩው ወገን ግማሽ የሚጠጋው አላተረፈም።

የሬሾው ሌላ ድክመት አደጋው በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር መሆኑ ነው። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዲወርድ እንደማይፈቅድ አውጆ ነበር። ብዙ ነጋዴዎች ዋጋው ወደ 1.20 ሲጠጋ ዩሮ እየገዙ፣ ከፍ ሲል እየሸጡ ደጋግመው አተረፉ። በ1.2010 ገዝቶ ማቆሚያውን 1.1990፣ ዒላማውን 1.2030 ያደረገ ሰው 20 ለ20 ነው የሚያስበው። ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ባንኩ ውሳኔውን በድንገት አነሳ። ዩሮው በደቂቃዎች ውስጥ ከ1.00 ፍራንክ በታች ወረደ፤ በ1.1990 ገዢ አልነበረም። ግብይቱ 1.00 ላይ የተዘጋለት ሰው ያጣው 20 ሳይሆን 2,010 ፒፕ ነው፤ ይህ ደግሞ የመቶ ድል ትርፍ ነው። በዚያ ቀን የኤፍኤክስሲኤም ደንበኞች ካስገቡት ገንዘብ በላይ ከስረው ለድርጅቱ 225 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ገቡ። ከዚያ በፊት የነበረው የማሸነፍ መዝገብ ስለዚህ ቀን የሚናገረው አንድም ነገር አልነበረም።

ስለዚህ የራሱን ሂሳብ የሚመረምር ሰው ከታሰበው ሬሾ ይልቅ የሆነውን ይቁጠር። የተዘጉትን ግብይቶች ዝርዝር ከመገበያያው ላይ አውጥቶ ስፕሬዱን፣ ኮሚሽኑንና የአዳር ወለዱን ጨምሮ፣ በፒፕ ሳይሆን በገንዘብ፣ አማካይ ትርፉንና አማካይ ኪሳራውን ለየብቻ ያስላ። በፒፕ ብቻ መቁጠር ያታልላል፤ ሰው ሲሸነፍ ለማካካስ መጠኑን እጥፍ አድርጎ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነውና። ከዚያ ኪሳራውን በሁለቱ ድምር አካፍሎ የሚገኘውን ከማሸነፍ መጠኑ ጋር ያስተያይ። የሁለቱ ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ ከሆነ በጥቂት ደርዘን ግብይት ላይ ተመሥርቶ ምንም መደምደም አይቻልም።

በቴሌግራም 90 በመቶ እናሸንፋለን እያሉ ሲግናል የሚሸጡ ሰዎችንም በዚሁ መመዘን ይቻላል። አማካይ ትርፋችሁና አማካይ ኪሳራችሁ ስንት ነው ተብለው ይጠየቁ። ከዚያም ያልተዘጉትን ግብይቶች ያሳዩ። የማሸነፍ መጠን የሚቆጠረው በተዘጉት ላይ ነው፤ ያተረፈውን ሁሉ እየዘጋ የከሰረውን ክፍት የሚተው ሰው መዝገቡ ላይ 100 በመቶ አሸናፊ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በመገበያያው ገጽ ላይ ባላንስ የሚለው ቁጥር የተዘጉትን ብቻ ያሳያል፤ ኢኩዊቲ የሚለው ክፍቶቹንም ይጨምራል። ኢኩዊቲው ከባላንሱ ለሳምንታት በብዙ ዝቅ ብሎ ከቆየ ኪሳራው አለ፤ ያልተመዘገበው ስላልተዘጋ ነው።