ሁለት የሚሠሩ መልሶች ሲቀሩ፦ የክላውድ ፈተና ጥያቄ እንዴት ይነበባል?

በአማዞን ክላውድ የሶሉሽንስ አርክቴክት አሶሼት ፈተና ላይ ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ «ይሠራሉ»። የሚጠየቀው ግን የሚሠራውን ሳይሆን የተሻለውን ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በታሪኩ መሐል የተቀመጠ አንድ ቃል ነው።

አንድ ጥያቄ እራሳችን እንፍጠር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ ፎቶ ቤት 1000 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ለ5 ዓመት ክላውድ ላይ ያስቀምጣል እንበል። እያንዳንዱ ቪዲዮ በ3 ወር አንዴ ያህል ይከፈታል። ደንበኛ ሲጠይቅ በሚሊሰከንዶች መገኘት አለበት፤ አንድ አቬይለቢሊቲ ዞን ሙሉ በሙሉ ቢወድምም ፋይሉ መጥፋት የለበትም። በትንሹ ወጪ የትኛው ይመረጣል?

ሀ. `S3 Glacier Deep Archive`
ለ. `S3 One Zone-IA`
ሐ. `S3 Standard-IA`
መ. `S3 Glacier Instant Retrieval`

መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ መለኪያው ወጪ ነው። ነገር ግን ወጪ የሚወዳደረው ግዴታዎቹን ባሟሉት መካከል ብቻ ነው። «ትንሹ ወጪ» የሚለውን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው ሀ ላይ ይወድቃል። ርካሽ ነው፣ ግን ፋይሉን ለማውጣት ሰዓታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ «በሚሊሰከንዶች» የሚለው ይጥለዋል። ለ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ፋይሉን የሚያስቀምጠው በአንድ ዞን ብቻ ስለሆነ እሱም ይወጣል።

ሐ እና መ ሁለቱንም ግዴታ ያሟላሉ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው በስሜት የሚመርጠው። «ግሌሸር» የሚለውን ስም ሲያዩ «ይሄማ ቀርፋፋ ነው» ብለው መን ይሰርዛሉ። ስሙ እንጂ አሠራሩ ቀርፋፋ አይደለም።

እናስላው። በቨርጂኒያ ሪጅን ታሪፍ ሐ ለማስቀመጥ በጊጋባይት በወር 0.0125 ዶላር፣ ለማውጣት 0.01 ዶላር ያስከፍላል። መ ለማስቀመጥ 0.004፣ ለማውጣት ግን 0.03 ነው። በ3 ወር ሁሉም ቪዲዮ አንዴ ቢከፈት፣ ሐ 37.5 ሲደመር 10፣ ማለትም 47.5 ዶላር ይመጣል። መ ደግሞ 12 ሲደመር 30፣ 42 ዶላር። መልሱ መ ነው።

አሁን «በ3 ወር አንዴ» የሚለውን «በየወሩ» ብላችሁ ለውጡት። በሦስቱ ወራት ሐ 67.5፣ መ 102 ዶላር ይሆናል፤ መልሱም ወደ ሐ ይዞራል። ሌላ ምንም ቃል አልተነካም። ፈተናው ላይ ታሪፍ በቃል መያዝ አይጠበቅባችሁም። አንዱ በማስቀመጥ፣ ሌላው በማውጣት እንደሚረክስ ካወቃችሁ በቂ ነው።

ይህን ሁሉ ለማንበብ ለአንድ ጥያቄ 2 ደቂቃ ነው ያላችሁ፤ 65 ጥያቄ በ130 ደቂቃ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻችሁ ካልሆነ ግን `ESL +30` የሚባል የ30 ደቂቃ ጭማሪ አለ። የሚጠየቀው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ነው።