የልዑሉ ደብዳቤዎችና የክልከላው ሚዛን

በሚያዝያ 2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከአንድ የአገራችን አዋጅ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጋርዲያን ጋዜጣ ባልደረባ ሮብ ኤቫንስ ለሰባት የእንግሊዝ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥያቄ አቀረበ። ከመስከረም 2004 እስከ ሚያዝያ 2005 ባለው ጊዜ ያኔ የዙፋን ወራሽ የነበረው ልዑል ቻርልስ ከሚኒስትሮች ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች እንዲሰጡት ነበር የጠየቀው። ልዑሉ ሚኒስትሮችን በደብዳቤ እንደሚወተውት ሕዝቡ ያውቅ ነበር። ደብዳቤዎቹ በእጅ ጽሑፉ ምክንያት «ጥቁር ሸረሪት» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። በውስጣቸው ምን እንዳለ ግን ከተቀባዮቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የእንግሊዝ የመረጃ ነፃነት ሕግ የወጣው በ2000 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 2005 ነው። በሕጉ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ ምክንያቱን ሳይናገር መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። እምቢ ካለም በየትኛው አንቀጽ እንደከለከለ በጽሑፍ ያሳውቃል።

ክልከላዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ብዙ ጠያቂም የሚሸነፈው ይህን ልዩነት ባለማወቅ ነው። የመጀመሪያው ፍጹም ክልከላ ነው። ለምሳሌ ከስለላ ተቋማት የመጣ መረጃ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ሰነድ ከተጠየቀ፣ ክልከላው መረጃውን እንደሚመለከት ከተረጋገጠ በኋላ ሌላ ጥያቄ አይነሣም። ሁለተኛው በሚዛን የሚታይ ነው። የፖሊሲ ዝግጅት፣ የአገር መከላከያ፣ የንግድ ጥቅም፣ የጠበቃና የደንበኛ ምክክር ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እዚህ ላይ መሥሪያ ቤቱ «ሰነዱ ከክልከላው ዝርዝር ውስጥ ነው» ብሎ ማቆም አይፈቀድለትም። በመደበቁ የሚጠበቀው የሕዝብ ጥቅም በመገለጡ ከሚገኘው የሕዝብ ጥቅም እንደሚበልጥ ማሳየት ይኖርበታል። ሚዛኑ እኩል ከሆነ መረጃው ይሰጣል።

«የሕዝብ ጥቅም» ሲባል ሕዝቡን የሚያጓጓ ወሬ ማለት አይደለም። ባለሥልጣኑን የሚያሳፍር መሆኑም ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም። የሚመዘነው መረጃው ቢወጣ ሕዝቡ ውሳኔ እንዴት እንደተሰጠ፣ ገንዘብ የት እንደዋለ፣ ማን በማን ላይ ተጽዕኖ እንዳደረገ መረዳት ይችል እንደሆነ ነው። በሌላው ወገን የሚቀመጠው ደግሞ በዚያው ሰነድ መገለጥ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ ጉዳቱም በደፈናው ሳይሆን በዝርዝር መነገር አለበት።

መሥሪያ ቤቶቹ ለኤቫንስ እምቢ አሉት። በዚያን ጊዜ ከንጉሣዊው ቤተሰብ ጋር የሚደረግ መጻጻፍን የሚመለከተው ክልከላ በሚዛን ከሚታዩት አንዱ ነበር፤ ስለዚህ ክርክሩ በሙሉ የሚዛን ክርክር ሆነ። ኤቫንስ ወደ መረጃ ኮሚሽነሩ አመለከተ፤ ኮሚሽነሩ በአመዛኙ ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ተስማማ። ጋዜጠኛው ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ በላይኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ታየ። ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2012 የሰጠው ውሳኔ፣ በእኔ ግምት፣ ሚዛን እንዴት እንደሚያዝ ከሚያስተምሩ ሰነዶች ሁሉ የተሻለው ነው።

ዳኞቹ ደብዳቤዎቹን እንደ አንድ ጥቅል አላዩአቸውም፤ በዓይነት ለዩአቸው። የግል የሆኑት ተለይተው ቀሩ። ወራሹ ወደፊት ለሚይዘው ዙፋን እንዲዘጋጅ ሚኒስትሮች ስለ መንግሥት ሥራ የሚያስረዱበት መጻጻፍም እንዲሁ፤ እንዲህ ያለው ዝግጅት ምሥጢራዊነት ያስፈልገዋልና። ሦስተኛው ዓይነት ግን ሌላ ነበር፤ ልዑሉ ለአንድ ፖሊሲ ወይም ለሚደግፈው ድርጅት የሚሟገትበት ደብዳቤ። ይህ ለንግሥና ከመዘጋጀት ጋር አይገናኝም። አንድ ሰው መንግሥትን ለማግባባት ሲጥር ሕዝቡ መቼና እንዴት እንደሚጥር ሊያውቅ ይገባዋል ሲሉ ወሰኑ።

መንግሥት «ደብዳቤዎቹ ቢወጡ ልዑሉ በነፃነት መጻፉን ያቆማል» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ይህን መከራከሪያ በየአገሩ ያሉ መሥሪያ ቤቶች አዘውትረው ያነሡታል፤ ስሜት ይሰጣል፣ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ዳኞቹ አጥብቆ የሚያምንበትን ነገር የሚሟገት ሰው በዚህ ምክንያት ዝም እንደሚል አላሳመናቸውም።

ከወር በኋላ፣ በጥቅምት 2012፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዶሚኒክ ግሪቭ ሕጉ የሰጠውን የመሻር ሥልጣን ተጠቅሞ ውሳኔውን ሻረው። ደብዳቤዎቹ ቢገለጡ ልዑሉ ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነፃ ነው የሚለውን እምነት ይጎዳሉ፤ ይህም ሲነግሥ ይከብደዋል ነበር ምክንያቱ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከደብዳቤ አልፎ ወደ ሥልጣን ተሸጋገረ። ማስረጃ ሰምቶ የመዘነን ፍርድ ቤት አንድ የመንግሥት ሹም «በሚዛኑ አልስማማም» ብሎ መሻር ይችላል ወይ? በመጋቢት 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለሁለት በሆነ ድምፅ አይችልም አለ። ፍርድ ቤት ባየው ማስረጃ ላይ አዲስ ነገር ሳይጨምሩ የተለየ አስተያየት መያዝ ብቻ ለመሻር አይበቃም።

በግንቦት 2015 ደብዳቤዎቹ ወጡ፤ መልሶቹን ጨምሮ 27 ነበሩ። ልዑሉ ለጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ኢራቅ ስላሉት ወታደሮች የመሣሪያ ችግር ጽፏል። የቀንድ ከብት ነቀርሳን ለመግታት ባጀር የተባለው የዱር እንስሳ ቁጥሩ እንዲቀነስ፣ ከዕፅዋት የሚዘጋጁ መድኃኒቶች ጉዳይም እንዲታሰብበት ተከራክሯል። የመንግሥትን መሠረት የሚያናጋ ነገር አልተገኘም። እነዚህን ለመደበቅ አሥር ዓመት ሙግትና ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ የመንግሥት ገንዘብ ወጣ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጉዳት ይመጣል ተብሎ በአንድ ወገን የተጫነው ክብደት ሰነዱ ሲነበብ አልታየምና።

በአገራችን የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥም የክልከላ ዝርዝር አለ፤ የሕዝብን ጥቅም ከጉዳቱ ጋር የማመዛዘን መርሕም ተቀምጧል። መረጃ የተከለከለ ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። የኤቫንስን መንገድ ለሚከተል ሰው ቁም ነገሩ የእምቢታውን ደብዳቤ በጥንቃቄ ማንበብ ነው። «ምሥጢር ስለሆነ» ብሎ ብቻ ከጨረሰ አልመዘነም ማለት ነው። ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ በማን ላይ፣ መቼ እንደሚደርስ አልጠቀሰም? ይህንኑ ለይቶ መጠየቅ ነው። ሰነዱን በሙሉ ከልክሎ ከሆነ የትኛው ገጽ ሊሰጥ እንደሚችል መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ኤቫንስ ያሸነፈው ሁሉንም ደብዳቤ በማግኘት ሳይሆን ደብዳቤዎቹ በዓይነት እንዲለዩ በማስደረግ ነው። የቀረበበትን ጊዜም ማስታወስ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ሚዛኑ የሚታየው ጥያቄው በተስተናገደበት ጊዜ በነበረው ሁኔታ ነው፤ ዛሬ የተከለከለ ረቂቅ ፖሊሲው ከታወጀ በኋላ እንደገና ቢጠየቅ ሊፈቀድ ይችላል።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድል ግን ለወደፊቱ በሩን አልከፈተም። ክርክሩ ገና እየተካሄደ ሳለ፣ በ2011፣ ፓርላማው ያወጣው ማሻሻያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከንጉሡ ወይም ከንግሥቲቱ፣ ከወራሹና ከሁለተኛው ተተኪ ጋር የሚደረግ መጻጻፍ ከሚዛን ወጥቶ ፍጹም ክልከላ ሆነ። የኤቫንስ ጥያቄ የቀረበው ከዚያ በፊት ስለነበር ተረፈ። ዛሬ ከወራሹ ከልዑል ዊሊያም ጋር ስለተደረገ መጻጻፍ ቢጠየቅ ጥያቄው በዚህ ሕግ ሳይመዘን ይመለሳል። አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል፤ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚወሳ ደብዳቤ የሚታየው በሌላ ደንብ ነው፤ በዚያ ደንብ ደግሞ ለንጉሣዊው ቤተሰብ የተለየ ፍጹም ክልከላ የለም።