ባትሪው «ሙሉ ነኝ» ሲል አይመኑት

መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩ ወዲያው ይነሳል፤ ቴሌቪዥኑም ዋይፋዩም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። አምና አብሮዎት ያመሸው ባትሪ ዘንድሮ ገና ዜናው ሳያልቅ መጮህ ከጀመረ ግን ስለ ዕድሜው ማሰብ ይኖርብዎታል። በተለይ ቤትዎ ውስጥ በኦክስጅን ማሽን የሚረዳ ሰው ካለ፣ የባትሪውን መድከም መብራት በጠፋ ሌሊት ማወቅ የለብዎትም።

በብዙዎቻችን ቤት ያለው የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ለኮምፒውተር የምንጠቀምበት የትንሹ ዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይቆያል። ሲገዙ «10 ዓመት» የሚል ጽሑፍ ካዩ፣ ቁጥሩ የተሰላው ባትሪው በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ሙቀት ተቀምጦ አልፎ አልፎ ብቻ ሲሠራ መሆኑን ያስታውሱ። ሙቀቱ ከዚያ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የድሬዳዋ ባትሪ ከአዲስ አበባው ቀድሞ ያረጃል፤ አዲስ አበባም ቢሆን ከምድጃ አጠገብ ወይም አየር በማያገኝ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ዕጣው ያው ነው።

ታዲያ ማርጀቱን በምን ያውቃሉ? ብዙ ሰው የሚያየው የኢንቨርተሩን መብራት ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ባትሪው ደህና ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደ ሮቶ ነው። ግርጌው ጭቃ የሞላ ሮቶ እስከ አፉ ሲሞላ «ሙሉ» ነው፤ የሚይዘው ውኃ ግን ትንሽ ነው። ባትሪም ሳይሞላ ሲቆይ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርና ኃይል የሚይዘውን ቦታ ያጠበዋል። ያረጀ ባትሪ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል። በቴስተር ሲለካ እንኳ እንደ አዲሱ 12.7 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ዕውነቱ የሚወጣው ጭነት ሲያርፍበት ነው።

ስለዚህ የሚሻለው መለኪያ ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለውን ቤት እንውሰድ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም፤ 600። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲቀነስ 500 ገደማ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ 80፣ ላፕቶፑ 50፣ ዋይፋዩ 10፣ አራት አምፖሎች 40 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 180 ነው። 500 ለ180 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

አዲስ ባትሪ ሲያስገቡ የገባበትን ቀን በማርከር ይጻፉበት። በደንብ ከሞላ በኋላ እነዚያኑ ዕቃዎች ብቻ ከፍተው ለአንድ ሰዓት ያሠሩና ኢንቨርተሩ የሚያሳየውን ቮልት ይመዝግቡ። በየስድስት ወሩ ይህንኑ ይድገሙት። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ቮልት ከመጀመሪያው ልኬት በግልጽ እየበዛ ከሄደ ባትሪው እየደከመ ነው። በሙያው አሠራር አቅሙ ከአዲሱ 80 በመቶ ሲደርስ ዕድሜው እንዳለቀ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ፈጣን ነው። ለቴሌቪዥንና ለአምፖል ትንሽ ሊታገሡት ይችላሉ፤ ለኦክስጅን ማሽን ግን እዚያው ላይ ይቀይሩት።

ቀጠሮ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። የባትሪው ጎን ካበጠ፣ ቻርጅ ሲደረግ እጅ የማያስነካ ሙቀት ካለው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካመጣ ወይም ፈሳሽ ካወጣ በዚያው ቀን ከሥራ መውጣት አለበት። መስኮት ይክፈቱ፣ እሳት አይጫሩ፣ ቻርጁንም ከሶኬቱ ነቅለው ባለሙያ ይጥሩ። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው።

ኢንቨርተርዎ በሁለት ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወድቃል፤ አንዱን ብቻ በመግዛት የተቆጠበው ገንዘብም ብዙ ሳይቆይ በእጥፍ ይወጣል።

አሮጌውን ባትሪ በረንዳ ላይ አያስቀምጡት፤ ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉት። በውስጡ ያለው አሲድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ እርሳሱ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ቤት ውስጥ ለሚፈታታው ሰውም አይስጡት። አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን የሚረከብ ሻጭ ይምረጡ፤ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ላይ ይቀንስልዎታል።