ያውቁ ኖሯል? ዝሆኔ ሁሉ በትንኝ አይመጣም

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ከ2000 ሜትር በላይ በሚገኙ መንደሮች እግር ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አፈሩ ነው። የዝሆኔን ትል የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ያለ ከፍታ አይመቻትም።

መንስኤው፦ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቆዳ ገብተው የሊምፍ መተላለፊያዎችን ያቆጣሉ። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በዘር ተጋላጭ የሆኑ ቤተሰቦች ግን አሉ።

ምልክቱ፦ ከእግር ጣቶች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ ብዙም አያልፍም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል። መጀመሪያ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ እብጠቱ ማታ ይታይና ጠዋት ይቀንሳል። ያኔ ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላል።

እንክብካቤው፦ በየቀኑ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ፤ ሲቀመጡም እግርን ከፍ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ ትኩሳትና ሕመም ይዞ የሚመጣውን ድንገተኛ የእግር መቆጣት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ክፍት ሰንደል አፈር ያስገባል። ልጅዎ መራመድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሽፍን ጫማ ያጫሙት፤ ማታ ማታም እግሩን ይጠቡት።